ደብል ክሊክ እምቢ ሲል፦ ከጊዜው በፊት ርቀቱን ለኪ

ጥያቄ፦ አባቴ 64 ዓመታቸው ነው፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነበሩ። ስትሮክ ካገኛቸው ወዲህ ቀኝ እጃቸው ስለማይታዘዝላቸው ማውሱን በግራ እጃቸው ነው የሚይዙት፤ ግራውም ትንሽ ይንቀጠቀጣል። የማውሱን ቁልፎች አቀያይሬላቸዋለሁ፣ የደብል ክሊኩንም ፍጥነት እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጌዋለሁ፤ ፋይል ግን አሁንም አይከፈትላቸውም። አንዳንዴ ጭራሽ ፋይሉ ካለበት ይጠፋል። ዊንዶውስ 11 ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ አባትሽን እግዜር ይማርልሽ። ፍጥነቱ እስከ መጨረሻው ዝቅ ብሎም ካልሠራ ችግሩ ያለው ጊዜው ላይ ሳይሆን ርቀቱ ላይ ነው። “ፋይሉ ይጠፋል” ያልሽው ደግሞ ይህን ይበልጥ ያረጋግጥልኛል። ብዙ ሰው የፍጥነቱን ስላይደር ብቻ ስለሚያውቅ እዚያው ላይ ሲታገል ይውላል፤ የሚንቀጠቀጥ እጅ ላላቸው ሰዎች ግን ዋናው መፍትሔ ስላይደሩ ባለበት መስኮት ላይ የለም።

ዊንዶውስ ሁለት ክሊኮችን እንደ አንድ ደብል ክሊክ የሚቆጥረው ሁለት ነገር ሲሟላለት ነው። አንደኛው ጊዜ ነው። ማንም ካልነካው ሁለተኛው ክሊክ በ500 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም በግማሽ ሰከንድ ውስጥ መምጣት አለበት፤ አንቺ ስላይደሩን እስከ መጨረሻው ስትጎትቺው 900 ሚሊሰከንድ ሆኗል። ሁለተኛው ቦታ ነው። የመጀመሪያው ክሊክ ባረፈበት ዙሪያ ዊንዶውስ 4 ፒክስል ስፋት፣ 4 ፒክስል ቁመት ያላት የማትታይ ሳጥን ያስቀምጣል፤ ሁለተኛው ክሊክ ከዚያች ሳጥን ከወጣ፣ የቱንም ያህል ቢፈጥን ደብል ክሊክ አይባልም። ሳጥኗ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነች ለማየት ይህን አስቢ፦ 1000 ዲፒአይ የሆነ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 1000 ነጥብ የሚቆጥር ማውስ፣ የቀስቱ ፍጥነት ሳይነካ፣ 4 ፒክስል የሚሄደው እጅ በ0.1 ሚሊሜትር ያህል ሲንቀሳቀስ ነው። የአንድ ወረቀት ውፍረት ማለት ነው። ጤነኛ እጅም ቢሆን እዚያ ውስጥ የሚቆየው ለዓመታት ስለለመደው ነው፤ ጣት ሲጫን መዳፉ አብሮ የሚገፋ ሰው ግን በእያንዳንዱ ክሊክ ከሳጥኗ ይወጣል።

ሦስተኛ ነገርም አለ፤ የፋይሉን መጥፋት የሚያመጣው እሱ ነው። ቁልፉ እንደተጫነ ማውሱ ከ4 ፒክስል በላይ ከተንሸራተተ ዊንዶውስ “ይህ ሰው እየጎተተ ነው” ብሎ ይወስናል። አባትሽ የሚያስቡት ፋይሉን እየጫኑት እንደሆነ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን ፋይሉን አንስቶ አጠገቡ ያለ ፎልደር ውስጥ ይጥለዋል። ጠፋ የሚባለው ፋይል አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ጎረቤት ፎልደር ውስጥ ነው። እንዲህ ሲሆን ሌላ ነገር ሳይነኩ ወዲያው Ctrl+Z ቢጫኑ ፋይሉ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ይህን ዛሬውኑ አሳያቸው።

ስለዚህ ማስተካከል ከመጀመርሽ በፊት አጠገባቸው ተቀምጠሽ አሥር ጊዜ ፋይል ሲከፍቱ ተመልከቺ። የሚሆነው ነገር ራሱ ምክንያቱን ይነግርሻል። ፋይሉ ከተንቀሳቀሰ ወይም ከተሰወረ ቁልፉ ተጭኖ ሳለ ማውሱ እየተንሸራተተ ነው። ፋይሉ ቀለሙ ተቀይሮ ተመርጦ ከቀረ፣ ስላይደሩም ቀድሞ 900 ላይ ከሆነ፣ በሁለቱ ክሊኮች መካከል ቀስቱ ከሳጥኗ እየወጣ ነው። የፋይሉ ስም ለመጻፍ ዝግጁ ሆኖ ከተከፈተ፣ ማለትም ስም የመቀየሪያው ሳጥን ከመጣ፣ ያኔ ችግሩ ጊዜ ሊሆን ይችላል፦ ሁለቱም ክሊኮች ፋይሉ ላይ አርፈዋል፣ ግን ዊንዶውስ እንደ ደብል ክሊክ አልቆጠራቸውም።

አሁን ወደ መለኪያው ልውሰድሽ። የትኛውም ኮምፒውተር ላይ ያለው Paint ለዚህ በቂ ነው። ክፈቺው፣ እይታው 100% መሆኑን እዪ፣ እርሳሱን ምረጪና ውፍረቱን ትንሹ ላይ አድርጊ። ከዚያ አባትሽን “ፋይል እንደሚከፍቱ አድርገው እዚህ ባዶው ላይ ደብል ክሊክ ያድርጉ” በያቸው። መጠንቀቅ አያስፈልጋቸውም፤ እንደ ወትሮው ይጫኑ። እጁ ካልተንቀሳቀሰ አንዲት ነጥብ ብቻ ትታያለች። ከተንቀሳቀሰ ግን ሁለት አጫጭር ጭረቶች ይታያሉ፤ የእያንዳንዱ ጭረት ርዝመት ቁልፉ ተጭኖ ሳለ የተንሸራተቱት ነው፣ በሁለቱ ጭረቶች መነሻ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ በክሊኮቹ መካከል የሸሹት ነው። ቀስቱን ጭረቱ ጫፍ ላይ ስታደርጊ Paint ከታች በኩል ሁለት ቁጥሮች ያሳይሻል፤ የመጀመሪያው አግድም፣ ሁለተኛው ቁልቁል ነው። በአንደኛው ጫፍ ያለውን ቁጥር ከሌላኛው ጫፍ ቀንሺ፣ አለቀ። አሥር ያህል ጊዜ አስጭኛቸውና የከፋውን ሳይሆን ብዙውን ጊዜ የሚደጋገመውን ትልቅ ቁጥር ያዢ፤ አንድ ጊዜ ሲያስነጥሳቸው የሄደችውን ጭረት አትቁጠሪ።

አንድ ጊዜ እንዲህ የለካሁላቸውን ሰው ቁጥር ላሳይሽ፤ እሳቸውም እንደ አባትሽ ከሕመም በኋላ ወደ ግራ እጅ የዞሩ ነበሩ። ጭረታቸው አግድም 8፣ ቁልቁል 3 ፒክስል ነበር። ሁለተኛው ክሊክ ከመጀመሪያው የራቀው አግድም 11፣ ቁልቁል 4 ነው። አግድሙ የበለጠው በምክንያት ነው፦ አመልካች ጣታቸው ሲጫን አንጓቸው ወደ ጎን ይዞር ነበር። በዊንዶውስ መነሻ ቁጥሮች እኚህ ሰው በእያንዳንዱ ክሊክ እየጎተቱ ነው፣ ደብል ክሊክም መቼም አይሆንላቸውም። ስላይደሩን አንድ ዓመት ብታዞሪው ምንም አይለወጥም ነበር።

ለእሳቸው የመረጥኩት እንዲህ ነው። የመጎተቻው ቁጥር ከተጫኑበት ነጥብ በየአቅጣጫው የሚፈቀደውን ርቀት ስለሚያሳይ ከ8 ትንሽ ከፍ አድርጌ 12 አልኩት። የደብል ክሊኩ ሳጥን ግን የሚለካው ከዳር እስከ ዳር ነው፤ የመጀመሪያው ክሊክ መሀሉ ላይ ስላለ ለ11 ፒክስል መሸሽ እጥፉን፣ 22 መስጠት ያስፈልጋል፤ 24 አደረግኩት። ቁመቱን በተመሳሳይ ስሌት ከ8 ከፍ አድርጌ 10 አልኩት። ይህን የእጥፉን ነገር ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ለክቶ የለካውን ቁጥር እንዳለ ያስገባና “ግማሹ ጊዜ ይሠራል፣ ግማሹ አይሠራም” ይላል።

ቁጥሮቹ የሚቀመጡት ዊንዶውስ ቅንብሮቹን በሚይዝበት ሬጂስትሪ ውስጥ ነው። የዊንዶውስን ቁልፍ ከR ጋር ተጭነሽ `cmd` ጻፊና Enter በዪ፤ ከዚያ የአባትሽን ቁጥር በነዚህ ቦታ እየተካሽ አንድ በአንድ አስገቢ፦

```
reg add "HKCU\Control Panel\Mouse" /v DoubleClickWidth /t REG_SZ /d 24 /f
reg add "HKCU\Control Panel\Mouse" /v DoubleClickHeight /t REG_SZ /d 10 /f
reg add "HKCU\Control Panel\Desktop" /v DragWidth /t REG_SZ /d 12 /f
reg add "HKCU\Control Panel\Desktop" /v DragHeight /t REG_SZ /d 12 /f
```

ይህን ማድረግ ያለብሽ በራሳቸው ስም በተከፈተው አካውንት ውስጥ ሆነሽ ነው፤ በአንቺ አካውንት ብታደርጊው የሚለወጠው ያንቺ ብቻ ነው። ጨርሰሽም ሳይን አውት ብለሽ ካልተመለስሽ ምንም የተለወጠ አይመስልም፤ “አልሠራም” ብለው የሚጽፉልኝ ሰዎች አብዛኞቹ ይህችን ረስተው ነው። ካልተስማማቸው አራቱንም ወደ 4 መመለስ ብቻ ነው፤ የሚበላሽ ነገር የለም።

ቁጥሩን ግን ያለ ልክ አታሳድጊው፣ በተለይ ቁመቱን። አባትሽ የሒሳብ ሰው ናቸውና ሰንጠረዥ ላይ መሥራታቸው አይቀርም። የሰንጠረዥ አንድ መስመር 20 ፒክስል ያህል ቁመት ነው ያለው፤ ሳጥኑን 40 ብታደርጊው አንዱን መስመር ተጭነው ወዲያው ቀጣዩን ሲጫኑ ኮምፒውተሩ ደብል ክሊክ አድርገው ይመስለውና ሳይፈልጉ መስመሩ ውስጥ መጻፍ ይጀምራሉ። የመጎተቻው ቁጥር ላይም ገደብ አለ። ፋይልና ፎልደር ላይ፣ እንዲሁም ይህን ቁጥር በሚያከብሩ ፕሮግራሞች ሁሉ ይሠራል፤ ጽሑፍ ሲመረጥ ግን አያግዝም። ቁልፉ ተጭኖ ከተንሸራተተ ፊደል መመረጡ ይቀጥላል። ለዚያ የሚረዳቸው Shift ይዞ በኪቦርዱ ቀስቶች መምረጥ ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ የኔን ምርጫ ከጠየቅሽኝ ፋይል ለመክፈት ደብል ክሊክ ጭራሽ ባያስፈልጋቸው ይሻላል። እንደገና የዊንዶውስን ቁልፍ ከR ጋር ተጫኚና `control folders` ጻፊ። በሚከፈተው መስኮት ላይ Single-click to open an item (point to select) የሚለውን መርጠሽ OK በዪ። ከዚያ በኋላ ፋይል በአንድ ክሊክ ይከፈታል፤ ለመምረጥ ደግሞ ቀስቱን ላዩ ላይ ማሳረፍ ብቻ ይበቃል። መጀመሪያ ላይ አንድ ችግር ይገጥማቸዋል፦ የዓመታት ልማድ አይለቅምና ሁለቴ ይጫናሉ፣ ያው ፕሮግራም ሁለት ጊዜ ይከፈታል። በሳምንት ውስጥ ይለምዱታል። የመጎተቻውን ቁጥር ማሳደጉ ግን አሁንም ያስፈልጋል፤ አንድ ክሊክም ቢሆን ከተንሸራተተ መጎተት ይሆናልና። አንድ ክሊኩ ካልተመቻቸው በኪቦርዱ ቀስቶች ፋይሉ ላይ ደርሰው Enter መጫን አለ፤ ሰንጠረዥ ውስጥ ያለውን ቁጥር ለማረምም ከደብል ክሊክ ይልቅ F2 ይጠቅማቸዋል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ርቀቱን ካስተካከልሽ በኋላ ከ900 ትንሽ መልሰሽ ልታፈጥኚው ትችያለሽ፤ እኔ እመክረዋለሁ። ጊዜው ሲረዝም ኮምፒውተሩ ከእያንዳንዱ ክሊክ በኋላ “ሌላ ይመጣ ይሆን?” ብሎ የሚጠብቀው ይረዝማል፤ ሆን ተብሎ ለየብቻ የተደረጉ ሁለት ክሊኮችም ደብል ይሆናሉ። የዊንዶውስን ቁልፍ ከR ጋር ተጭነሽ `main.cpl` ብለሽ ስትከፍቺ Buttons የሚለው ገጽ ላይ ከስላይደሩ አጠገብ አንዲት ትንሽ ፎልደር አለች፤ በትክክል ደብል ክሊክ ሲደረግባት ትከፈታለች፣ እንደገና ሲደረግ ትዘጋለች። አሥር ጊዜ አስሞክሪያቸው። ዘጠኝ ጊዜ ከሠራች ስላይደሩን አንድ እርምጃ ወደ Fast አምጥተሽ ድገሚ፤ መሳት ሲጀምሩ አንድ እርምጃ ተመልሰሽ እዚያው ተዪው። 900 እንኳ የማይበቃው ሰው ካለ ሬጂስትሪው እስከ 5000 ይቀበላል፤ ለምሳሌ 1200 እንዲህ ይገባል፦

```
reg add "HKCU\Control Panel\Mouse" /v DoubleClickSpeed /t REG_SZ /d 1200 /f
```

ይህን ካደረግሽ ግን ስላይደሩን ዳግም አትንኪው፤ የሱ ጣሪያ 900 ስለሆነ ያስገባሽውን ይሽርብሻል።

በተቃራኒው የሚቸገሩም አሉ። አንዴ ለመጫን አስበው ጣታቸው ሳያስቡት ሁለቴ የሚነካባቸው ሰዎች ስላይደሩን ማፍጠን ነው የሚያስፈልጋቸው እንጂ ማዘግየት አይደለም። አባትሽ ላይ ይህን ካየሽ መጀመሪያ ሌላ ማውስ ሞክሪ። ያረጀ ማውስ ውስጡ ያለችው ማብሪያ ስትላላ አንዱን ክሊክ ሁለት አድርጋ ትልካለች፤ ጥፋቱ የማውሱ ሆኖ ሳለ እጃቸውን ሲወቅሱ የኖሩ ሰዎች አጋጥመውኛል። አንቺ ራስሽ በዚያው ማውስ ሃያ ጊዜ አንድ አንድ ክሊክ ብታደርጊ ይታወቃል።

ስለ ቁልፎቹ መቀያየር ልጨምርልሽ፤ ተደርጓል ብዬ ማለፍ አልፈልግም። ዋናው ቁልፍ የሚመረጠው በየትኛው እጅ እንደሚይዙ ብቻ አይደለም፤ በየትኛው ጣት ጽናት ነው። አባትሽ ግራ መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው አመልካች ጣታቸውን ብቻ ሦስት ጊዜ ያንሱና ይጣሉ፣ ከዚያም የመሀል ጣታቸውን። የቀረው የእጁ ክፍል ሳይነቃነቅ የሚነሳው ጣት የትኛው ነው? አመልካቹ ከሆነ ግራ እጅ ላይ ያ ጣት የሚያርፈው ቀኝ ቁልፍ ላይ ነውና መቀየርሽ ትክክል ነው። የመሀል ጣታቸው የሚጸና ከሆነ ግን ቁልፎቹን ወደ ቀድሞው መልሺላቸው፤ መቀየሩ ደካማውን ጣት ነው ሥራ ያበዛበት። ቦታው Settings ውስጥ Bluetooth & devices፣ ከዚያ Mouse፣ ከዚያ Primary mouse button ነው። ከቀየርሽበት ሰከንድ ጀምሮ ስለሚሠራ የሚቀጥለውን ክሊክ በአዲሱ ቁልፍ ማድረግ እንዳለብሽ አትርሺ።

ቅንብሩ የሚያዘው በአካውንት ነው፤ በዚያ አካውንት ውስጥ ግን የተሰካውን ማውስ ሁሉ ይቀይራል። ቀኝ እጅ ለሚጠቀም የቤተሰብ ሰው ሌላ ማውስ ብትሰኪ እሱም ተቀይሮ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ከሌላ ሰው ጋር ከተጋሩ ለአባትሽ የራሳቸው አካውንት ክፈቺላቸው፤ ቁልፉም፣ ሳጥኑም፣ አንድ ክሊኩም አብሯቸው ይሄዳል። ከማውሱ ጋር የመጣ ፕሮግራም ካለ ደግሞ እዚያም ውስጥ ቁልፎቹ እንዳልተቀያየሩ አረጋግጪ። በሁለቱም ቦታ ከተቀየረ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል፤ “ቀየርኩት፣ ግን አልተቀየረም” የሚባለው ከዚህ ነው።

ሲያስረዷቸውም “ግራውን ይጫኑ፣ ቀኙን ይጫኑ” የሚለው ቋንቋ ከእንግዲህ ያሳስታቸዋል። “ራይት ክሊክ” የሚል ማብራሪያ ሲያዩ ለእሳቸው ግራውን መጫን ማለት ነው። እኔ በስልክ ስረዳ “በአመልካች ጣትዎ” እና “በመሀል ጣትዎ” እላለሁ፤ ግራ መጋባቱ ያኔ ይቀራል። የቤቱ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ቢናገርላቸው ጥሩ ነው።

በመጨረሻ ማውሱን ራሱን እዪው። ለቀኝ እጅ አውራ ጣት ጎድጎድ ተደርጎ የተሠራ ከሆነ በግራ እጅ አያስይዝም፤ ጣታቸው ለመጫን ሳይሆን ማውሱን ላለመልቀቅ ነው የሚታገለው። ሁለቱም ጎኑ እኩል የሆነ ማውስ ይሁን። መስታወት ወይም የተወለወለ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ከሥሩ የጨርቅ ፓድ አንጥፊለት፤ ጨርቁ ትንሽ ስለሚይዘው ጣት ሲጫን ማውሱ አይሸሽም። ክንዳቸው እስከ ክርናቸው ጠረጴዛው ላይ ይረፍ፤ አንጓ ብቻ ጠርዝ ላይ ተደግፎ ሲንጠለጠል መንቀጥቀጡ ይብሳል። እዚያው Mouse በሚለው ገጽ ላይ የቀስቱን ፍጥነት ትንሽ ዝቅ አድርጊው፤ ያው የእጅ መንሸራተት በጥቂት ፒክስል ይለካል ማለት ነው። Enhance pointer precision የሚለውንም አጥፊው፤ እሱ ድንገተኛ እንቅስቃሴን ያጎላል፣ የሚንቀጠቀጥ እጅ ደግሞ እንቅስቃሴው ድንገተኛ ነው።

ፓዱን፣ የክንዱን አቀማመጥና የቀስቱን ፍጥነት መጀመሪያ አስተካክዪ፤ Paint ላይ የምትለኪው ከዚያ በኋላ ይሁን፣ ምክንያቱም ቁጥሮቹ ይለወጣሉ። የለካሁላቸው ሰውዬ በመስታወት ጠረጴዛ ላይ ሳሉ ጭረታቸው 14 ነበር፤ ወደ 8 የወረደው ጨርቅ ከተነጠፈ በኋላ ነው። የአባትሽን አራት ቁጥሮች ካገኘሽ ጻፊልኝ፤ ምን ምን ማስገባት እንዳለብሽ አብረን እናሰላዋለን።